የቶንሲል ፎቶ አነሳስ፣ እና ነጩን ነገር አይቶ ብቻ መድኃኒት የማይጀመርበት ምክንያት

ፎቶውን ከማንሳትዎ በፊት በሽተኛው አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ፤ ወተትና ሽሮፕ ቶንሲል ላይ ቀርቶ ነጭ ሆኖ ይታያል። መስኮት ፊት ለፊት በቀን ብርሃን ያንሱት። ፍላሽ ምራቁ ላይ ሲያንጸባርቅ ነጭ ነጥብ ይፈጥራል፣ ቢጫ አምፑል ደግሞ ጤነኛውንም ጉሮሮ ያቀላዋል። የማንኪያውን እጀታ ምላሱ መሃል ላይ ያሳርፉ። ወደ ኋላ ከገፉት ይቅለሸለሻል፣ በዚያች ቅጽበት ቶንሲሎቹ ወደ መሃል ስለሚጠጉ ያላበጠው ያበጠ ይመስላል። ሁለቱም ቶንሲልና እንጥሉ በአንድ ፎቶ ይግቡ።

አሁን ነጩ ነገር በደንብ ታየ እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚታየው ባክቴሪያው ራሱ አይደለም፤ ሰውነት ለመከላከል የላካቸው ነጭ የደም ሴሎች ከሞቱ ሴሎች ጋር ተጠራቅመው ነው። ጉሮሮውን የወረረው ስትሬፕ የተባለው ባክቴሪያም ይሁን አዴኖ ቫይረስ ወይም ኤፕስታይን ባር ቫይረስ፣ ሰውነት የሚልከው ያንኑ ነው። በተቃራኒው ስትሬፕ ኖሮ ጉሮሮው ቀልቶ ብቻ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪም ስትሬፕ የመሆን ዕድሉን ለመገመት ነጩን ነገር ከሌሎች ምልክቶች ጋር ይቆጥራል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት 1 ነጥብ፣ ሳል አለመኖር 1፣ ከአንገት ፊት ያበጠና ሲነካ የሚያም እጢ 1፣ ያበጠ ወይም ነጭ ያለበት ቶንሲል 1። ዕድሜው ከ3 እስከ 14 ከሆነ 1 ይጨመራል፣ 45 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 1 ይቀነሳል። የፎቶው ድርሻ እንግዲህ 1 ነጥብ ነው።

ተመሳሳይ ፎቶ ያላቸው ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። የ9 ዓመቷ ልጅ 38.7 ትኩሳት አላት፣ አትስልም፣ ከመንጋጋዋ ሥር ያለው እጢ ሲነካ ያማታል፤ 5 ነጥብ። ይህን ያህል ነጥብ ካላቸውም ሲመረመሩ ስትሬፕ የሚገኝባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው፣ ስለዚህ የጉሮሮ ናሙና ይወሰዳል። ምርመራው ከሌለ ውሳኔው የሐኪም ነው፤ ስትሬፕ በ9 ቀን ውስጥ ካልታከመ የልብ በሽታ የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ስላለ፣ በእኛ አገር ልጆች ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የ19 ዓመቱ ተማሪ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ድካም ጥሎታል፣ ያበጠው እጢም ከአንገቱ ኋላ ነው። ይህ የኤፕስታይን ባርን ቫይረስ ያስጠረጥራል። ቤት ውስጥ የተረፈ፣ ከፔኒሲሊን ወገን የሆነውን አሞክሲሲሊን ቢውጥ አይሻለውም፣ ይልቁንም ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ሊልበት ይችላል፤ ከዚያም ዕድሜ ልኩን "ፔኒሲሊን አይስማማኝም" እያለ ይኖራል።

ፎቶ በእርግጥ የሚጠቅመው ሁለቱን ጎን ለማነጻጸር ነው። አንዱ ወገን ብቻ አብጦ እንጥሉን ወደ ሌላው ጎን ከገፋው፣ አፍ መክፈት ካስቸገረ ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ግራጫ ሽፋን ተጣብቆ ካዩም በጥጥ አይፋቁት፤ ዲፍቴሪያ ከሆነ ይደማል።