የ«ዘጎዘ» አማካይ ጥበቃ፦ መልሱ 10 መሆን ሲገባው 8 ሲወጣ

ሚዛናዊ ሳንቲም ደጋግመን እንወረውራለን። ዘውዱን «ዘ»፣ ጎፈሩን «ጎ» እንበል። «ዘጎዘ» ተከታትሎ እስኪመጣ ድረስ በአማካይ ስንት ውርወራ ያስፈልጋል? በማርቲንጌል፣ ማለትም ቀጣዩ እሴቱ በአማካይ ከአሁኑ ጋር እኩል በሆነ ሂደት፣ ስሌቱ በጣም አጭር ነው። ግን አጭር ስለሆነ ስህተቱም በቀላሉ አይታይም።

ዘዴው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት አንድ አዲስ ተጫዋች 1 ነጥብ ይዞ ይገባል። ነጥቡን በዘ ላይ ያስይዛል። ካሸነፈ 2 ይሆንለታል፤ ሁለቱንም በጎ ላይ ያስይዛል። እንደገና ካሸነፈ 4 ይኖረዋል፤ አራቱንም በዘ ላይ ያደርጋል። አንዴ ከተሸነፈ ባዶ እጁን ይወጣል። ከ n ውርወራ በኋላ በሁሉም ተጫዋቾች እጅ ያለው ድምር S_n ይሁን። ጨዋታው ለማንም አያደላም፤ በየውርወራው የሚገባው አዲስ ነጥብ ደግሞ 1 ነው። ስለዚህ M_n = S_n − n ማርቲንጌል ነው። አማካይን በ E እንጻፍ። ዘጎዘ በመጣበት ቅጽበት T ላይ ስናቆም፣ የማርቲንጌል አማካይ ሲቆምም እንደ መነሻው 0 ነው በሚለው የማቆሚያ ቲዎረም E[T] = E[S_T] ይሆናል።

ምልክት፦ መልሱ 8 ወጣ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ያሸነፈውን ተጫዋች ብቻ ቆጥራችኋል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ውርወራዎች ቀረብ ብላችሁ እዩ። በመጀመሪያው ዘ ላይ የገባው ሦስቱንም አሸንፎ 8 ይዟል። በጎ ላይ የገባው በዘ ላይ አስይዞ ስለነበር ወዲያው ወጥቷል። በመጨረሻው ዘ ላይ የገባው ግን አሁን አሸንፎ 2 ይዞ ቆሟል። ድምሩ 10 ነው።

መፍትሄው፣ የፓተርኑ መጨረሻ ከራሱ መጀመሪያ ጋር የሚገጥምበትን ርዝመት ሁሉ መፈለግ ነው። ዘጎዘ በርዝመት 3 እና በርዝመት 1 ይገጥማል፤ ስለዚህ 8 + 2። ዘዘጎ የሚገጥመው በሙሉ ርዝመቱ ብቻ ስለሆነ 8 ይሆናል። ዘዘዘ ደግሞ በሦስቱም ይገጥማል፤ 8 + 4 + 2 = 14።

ምልክት፦ በኮምፒውተር ስትሞክሩትም 8 ይወጣል

ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ኮዱ ትክክል ሊሆን ይችላልና። ጥያቄው ምን እንደተቆጠረ ነው። አንድ ረጅም ተከታታይ ወርውራችሁ በዘጎዘዎች መካከል ያለውን አማካይ ርቀት ከለካችሁ፣ በእርግጥ 8 ነው። ምክንያቱም አንዱ ዘጎዘ ሲያልቅ የመጨረሻው ዘ ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል፤ ዘጎዘጎዘ ውስጥ ሁለት አለ። ከባዶ ሲጀመር ግን መጀመሪያ ያንን ዘ ማግኘት አለባችሁ፤ እሱ በአማካይ 2 ውርወራ ይፈጃል። 2 + 8 = 10። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ ታሪኩን አጥፍታችሁ ከዜሮ ጀምሩ።

ምልክት፦ 0 = 1 የመሰለ ነገር ወጣ

እዚህ ላይ የማቆሚያው ቲዎረም ያለ ቅድመ ሁኔታው ተጠቅሷል። የታወቀው ምሳሌ፣ እስኪያሸንፍ ድረስ በየዙሩ ውርርዱን የሚያጥፍ ሰው ነው። ሲያቆም ሁልጊዜ 1 ያተርፋል፤ ሲጀምር ግን ትርፉ 0 ነበር። በአማካይ የሚያቆመው በ2 ዙር ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጊዜው አይደለም። ጥፋቱ ውርርዱ ወሰን አልባ ሆኖ ማደጉ ነው።

እኛ ጋ ሁለት ነገር ማጣራት ይበቃል። አንደኛ፣ E[T] ውስን ነው ወይ? ውርወራውን በሦስት በሦስት ብትከፍሉት እያንዳንዱ ምድብ በ1/8 ዕድል ዘጎዘ ይሆናል፤ ስለዚህ E[T] ከ24 አይበልጥም። ሁለተኛ፣ የ M_n ለውጥ ወሰን አለው ወይ? እስከ T ድረስ S_n ሊሆን የሚችለው 0፣ 2፣ 4 ወይም 10 ብቻ ነው። ማርቲንጌልነቱንም እግረ መንገዳችሁን ፈትሹ፦

```
0 -> 2 / 0     አማካይ 1 = 0 + 1
2 -> 2 / 4     አማካይ 3 = 2 + 1
4 -> 10 / 0    አማካይ 5 = 4 + 1
```

በግራ ያለው ዘ ሲመጣ፣ በቀኝ ያለው ጎ ሲመጣ ነው። በአንድ ውርወራ M_n ቢበዛ በ5 ይለወጣል። ሁለቱም ስለተሟሉ ቲዎረሙ ይሰራል። ይህችን ትንሽ ሠንጠረዥ መጻፍ እኔ በጣም እመክራለሁ፤ የተረሳ ተጫዋች ካለ አማካዩ አልገጥም ብሎ ወዲያው ያሳብቃል።

ምልክት፦ ሳንቲሙ ሚዛናዊ አይደለም፣ መልሱ ግን አሁንም 10 ነው

ክፍያውን እጥፍ አድርጋችሁ ትታችሁታል። የዘ ዕድል p ከሆነ፣ በዘ ያሸነፈ የያዘውን በ1/p፣ በጎ ያሸነፈ በ1/(1−p) ማባዛት አለበት። ያኔ ነው ጨዋታው የማያደላው። ለዘጎዘ፦

```
E[T] = 1/(p²(1−p)) + 1/p
```

p = 0.6 ሲሆን የመጀመሪያው 6.94፣ ሁለተኛው 1.67 ገደማ ነው፤ ድምሩ 8.61 አካባቢ ይመጣል።