«ከአንድ አቅራቢ ብቻ» ብለን የጻፍነው ለምን የኦዲት ግኝት ይሆናል?

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የግዢ ክፍል ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ለላብራቶሪው የደም መመርመሪያ ማሽን፣ ሁላችንም ሲቢሲ ማሽን ለምንለው፣ ሪኤጀንት የሚባለውን የመመርመሪያ ኬሚካል ከአንድ ድርጅት በቀጥታ ገዛን። በግዢ መጠየቂያ ቅጹ የምክንያት ሳጥን ውስጥ የተጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ «ዕቃው ከዚህ ድርጅት ውጪ ስለማይገኝ»።

ከወራት በኋላ ኦዲተሩ መጣ። «ስለማይገኝ» የሚለውን ቃል በእርሳስ አሰመረበትና «ማን ፈልጎ አጣው?» አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። ግዢው ትክክል ነበር። ይህን የሚያሳይ ወረቀት ግን ፋይሉ ውስጥ የለም።

ምልክት፦ «በቂ ምክንያት አልቀረበም» የሚል ግኝት

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ማድረጋችን ነው። አንደኛው «ለምን ይህ ዕቃ ብቻ?» ነው። ሁለተኛው «ለምን ይህ ሻጭ ብቻ?» ነው። የእኛ ማሽን የራሱን አምራች ሪኤጀንት ብቻ ነው የሚቀበለው። ባርኮዱን ያነባል፣ የሌላ ከሆነ አይሠራም። ይህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል። ግን ያው አምራች አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወይም ሦስት አከፋፋይ ሊኖረው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ከእነሱ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ማወዳደር ይቻላል፤ ስለዚህ «አንድ አቅራቢ» የሚለው ምክንያት ይፈርሳል። ብዙ ፋይል የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሄው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱን ማስረጃ ማያያዝ ነው። ስለ ዕቃው የላብራቶሪ ባለሙያው ይጻፍ እንጂ የግዢ ሠራተኛው አይጻፍ፤ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይህን የሚለው ገጽ ፎቶ ኮፒም ይያያዝ። ስለ ሻጩ አምራቹ የሰጠው የውክልና ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው «ብቸኛ ወኪል» ይላል ወይስ «ወኪል» ብቻ? ጊዜው አላለፈም? ሻጩ ራሱ «እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ሌሎች ድርጅቶችን ጠይቃችሁ «የለንም» ካሏችሁ ቀኑንና የጠየቃችሁትን ድርጅት ጻፉ። የጽሑፍ መልስ ከሰጡ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ከመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢም «ክምችት የለም» የሚል ማረጋገጫ ካላችሁ አብሮ ይግባ።

ያን ሳጥን ዛሬ ብሞላው እንዲህ እጽፋለሁ፦

> «ማሽኑ የአምራቹን ሪኤጀንት ብቻ ይቀበላል (የመመሪያው ገጽ፣ አባሪ 1)። በአገር ውስጥ ብቸኛ ወኪሉ ይህ ድርጅት ነው (የአምራቹ ደብዳቤ፣ አባሪ 2)። በቀን ወደ 30 ምርመራ እንሠራለን፤ ዳይሉዌንት የተባለው ሪኤጀንት አንዱ ባለ 20 ሊትር 20 ቀን ያህል ይቆያል። ለ3 ወር 5 ያስፈልጋል። የአንዱ ዋጋ ያለፈው ግዢ 4,000 ብር ነበር፣ አሁን 4,600 ብር ነው። ሌላ ሆስፒታል በቅርቡ የገዛበት ደረሰኝ ቅጂ አባሪ 3 ነው።»

የዋጋውን ነገር አደራ አትዝለሉት። ውድድር በሌለበት ዋጋው ተገቢ መሆኑን የሚያሳየው ይሄ ብቻ ነው። 600 ብር ለምን ጨመረ? ሻጩን ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ምልክት፦ ምክንያቱ ጥሩ ነው፣ ኦዲተሩ ግን አላመነም

ቀኖቹን እዩ። ኦዲተር ቅጹን፣ ፕሮፎርማውንና የክፍያ ሰነዱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያያል። ማብራሪያው ከፕሮፎርማው በኋላ ከተጻፈ ሻጩ ቀድሞ ተመርጦ ምክንያት የተፈለገለት ይመስላል። መፍትሄው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ የባለሙያው ማብራሪያ፣ ቀጥሎ የሚፈቅደው ኃላፊ ፊርማ፣ ከዚያ ፕሮፎርማ። ያለፈ ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ግን በፍጹም አይሞከርም። ማብራሪያው ዘግይቶ ከተጻፈ የተጻፈበትን ትክክለኛ ቀን አስፍሩና ለምን እንደዘገየ ግለጹ።

ምልክት፦ «አስቸኳይ» ያልነው ውድቅ ሆነ

20 ቀን እንደሚቆይ የምናውቀው ዕቃ በ21ኛው ቀን ሲያልቅ ድንገተኛ አይባልም፣ ዕቅድ አለመያዝ ነው። ምክንያታችሁ ቴክኒካል ከሆነ ቴክኒካል ብቻ በሉ። «አስቸኳይ»ን ለማጠናከሪያ መጨመር ጠንካራውን ምክንያትም ያደክመዋል።

አንቀጹንም ጥቀሱ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ አዋጅ ቁጥር 1333/2016ን፣ የክልል ከሆናችሁ የክልሉን አዋጅና መመሪያ ተመልከቱ። ቀጥታ ግዢ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፤ የእናንተ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ኦዲተሩ ፈልጎ እንዲያገኝ አትተዉት።

የፕሪንተር ቶነር ከሆነ ግን ይህን ሁሉ አትድከሙ። የኦሪጅናሉም ሻጭ ብዙ ነው፣ ተመሳሳይ ሆኖ የሚሠራም አለ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ።