ካርታው H ይላል፣ ንፋሱ ግን ትሬለር ይገለብጣል፦ የአየር ካርታ ንባብ ችግርና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና ለሚነዱ ወገኖቼ ነው። በተለይ በበረዶው ወራት ኢንተርስቴት 80ን ይዘው ዋዮሚንግን ለሚያቋርጡ። የማወራው WPC የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የትንበያ ማዕከል በየሦስት ሰዓቱ ስለሚያወጣው ካርታ ነው። H ከፍተኛ ግፊት፣ L ዝቅተኛ ግፊት መሆኑን ታውቃላችሁ። ቀጫጭኖቹ ጥምዝ መስመሮች፣ ማለትም ኢሶባሮቹ፣ እኩል ግፊት ያላቸውን ቦታዎች እንደሚያገናኙም ታውቃላችሁ ብዬ እነሳለሁ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያለው ልዩነት 4 ሚሊባር ነው።

ችግር፦ አካባቢው ላይ H አለ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፣ ንፋሱ ግን መኪናውን ከመስመሩ ያወጣዋል

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው። በየዓመቱ ስልክ ይደወልልኛል። ወሬው ሁሌም አንድ ነው፦ «H ነበር እኮ! ጸሐይ ነበር እኮ!»

ምክንያቱ ፊደሉን አይቶ መስመሮቹን መዝለል ነው። H የሚያረጋጋው መሀሉ ላይ ያለውን ቦታ ነው። ጠርዙ ላይ ሌላ ታሪክ ነው። ንፋስ የሚመጣው በግፊት ልዩነት ነው። ልዩነቱን የሚነግሯችሁ ደግሞ መስመሮቹ ናቸው። ሲራራቁ ንፋሱ ደካማ ነው። ሲጠጋጉ ብርቱ ነው። አንድ ጠንካራ H ከአንድ ጥልቅ L ጋር ሲጎራበት፣ መሀል ላይ ያለው አገር መስመር በመስመር ይሆናል። ዋዮሚንግ በበረዶው ወራት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ መሀል ነው። H ዩታ አካባቢ ይቀመጣል፣ L በሞንታና ወይም በካናዳ በኩል ያልፋል።

አንድ ካርታ አብረን እናንብብ። H ዩታ ላይ ነው፣ አጠገቡ 1036 ተጽፏል። L ከሞንታና በላይ ካናዳ ውስጥ ነው፣ 996 ይላል። ጣታችሁን ዋዮሚንግ ከኮሎራዶ ጋር የምትዋሰንበት የደቡብ ጠርዝ ላይ አድርጉ። እዚያ የሚያልፈው መስመር 1032 ነው። ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰሜን ውጡ። 1028፣ 1024፣ 1020 እያላችሁ ሞንታና ድንበር ላይ 1016 ታገኛላችሁ። አምስት መስመር ነው። በ440 ኪሎ ሜትር ውስጥ ግፊቱ በ16 ሚሊባር ወርዷል። ይሄ ብዙ ነው። ጸጥ ባለ ቀን በዚያው ርቀት ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ነው የምታዩት። አራትና ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁ፣ የH ፊደል የፈለገ ቢተልቅ ቀኑ የንፋስ ቀን ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ንፋሱ ከH ተነስቶ ቀጥታ ወደ L የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። ምድር ስለምትሽከረከር ንፋሱ ይታጠፍና ከመስመሮቹ ጋር ጎን ለጎን ይነፍሳል። በሰሜኑ የምድር ክፍል L ዙሪያ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ፣ H ዙሪያ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ቀላሉ ዘዴ ይሄ ነው፦ ለንፋሱ ጀርባችሁን ስጡ፣ L በግራችሁ በኩል ይሆናል። በያዝነው ካርታ L ሰሜን ነው። ሰሜን በግራችን እንዲሆን ወደ ምሥራቅ መዞር አለብን። ስለዚህ ንፋሱ ከጀርባችን፣ ከምዕራብ እየመጣ ነው ማለት ነው። መሬት አጠገብ ሲሆን ደግሞ ሰበቃ ስላለ ትንሽ ወደ L ያዘነብላል። በመጨረሻ ከደቡብ ምዕራብ ወይም ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ንፋስ ይሆናል።

አሁን መንገዱን አምጡ። «80 ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው፣ ንፋሱ ቢበዛ ፊት ለፊት ቢመጣ ነው» የሚል ሰው አያጣም። የመንገዱን ካርታ በደንብ ያላየ ሰው ነው። ከላራሚ ስትወጡ መንገዱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል። አርሊንግተንንና ኤልክ ማውንቴንን የሚያልፈው እንደዚያ ሆኖ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የመጣ ንፋስ እዚያ ጋ ትሬለሩን የሚመታው ጎኑን ነው። በዚያ ላይ ንፋሱ በተራሮቹ ክፍተት ሲያልፍ ይበረታል። ያንን ካርታው አያሳያችሁም። ካርታው የሚነግራችሁ ዛሬ ነገሩ እንደተዘጋጀ ነው። የቀረውን የዋዮሚንግ የመንገድ መሥሪያ ቤት ይነግራችኋል። ለቀላልና ቁመተ ረጅም መኪና ተዘግቷል ካለ፣ ተዘግቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ ባዶ ትሬለር ይዛችሁ ከሆነ ይሄንን ሂሳብ ሳትሠሩ ከራውሊንስም ሆነ ከላራሚ አትውጡ።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ዲስፓቸሩ «አፑ ላይ ጸሐይ ያሳያል» ቢላችሁ ጸሐይ ማለት ንፋስ የለም ማለት አይደለም በሉት። የስልክ አፕ ላይ ያቺ ቢጫ ክብ ስለ ሰማዩ እንጂ ስለ ጎናችሁ አትናገርም። ብዙ ልጅ ያሳሳተች ምልክት ናት።

አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ባዶ ይዞ ከራውሊንስ ወደ ምሥራቅ ሊወጣ ነበር። ካርታውን በስልክ ላከልኝ። «H ነው አይደል ጋሼ?» አለኝ። መስመሮቹን ቁጠራቸው አልኩት። ቆጥሮ ዝም አለ። ትራክ ስቶፕ አድሮ በማግስቱ ሲያልፍ በጎኑ የተኛ ትሬለር እየተነሳ ነበር። ሌላኛው ደግሞ ሳይጠይቅ የሄደ ነው። እሱ ራሱ ተረፈ፣ ትሬለሩ ግን አጥር ላይ ተጋደመ። ሁለቱም ያዩት አንድ ዓይነት ካርታ ነው።

እዚያው ካርታው ላይ ሳላችሁ የንፋሱን ፍጥነት ከአየር መለኪያ ጣቢያዎቹ ምልክቶች ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ከትንሿ ክብ አንድ ዘንግ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ጭረቶች አሉት። ጭረቱ ያለበት ጫፍ ንፋሱ *የመጣበትን* ያሳያል፣ የሚሄድበትን አይደለም። ግማሽ ጭረት 5 ኖት፣ ሙሉ ጭረት 10፣ የተሞላ ሦስት ማዕዘን 50 ነው። ሦስት ሙሉና አንድ ግማሽ ካያችሁ 35 ኖት ነው፣ በሰዓት 40 ማይል ገደማ። ይሄ አማካዩ ነው። ሽውታው ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ችግር፦ ፍሮንቱ አልፏል፣ በረዶ መዝነቡም ቆሟል፣ መንገዱ ግን ምንም አይታይበትም

የመጀመሪያው ችግር ወንድም ነው። ቀዝቃዛ ፍሮንት፣ ማለትም ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን እየገፋ የሚመጣበት ድንበር፣ ካርታው ላይ ሰማያዊው ባለሦስት ማዕዘን መስመር፣ ሲያልፍ ከኋላው ግፊቱ በፍጥነት ይነሳል። መስመሮቹም ይጠጋጋሉ። መሬት ላይ የወደቀው ደረቅ በረዶ በንፋሱ ይነሳና መንገዱን ይሸፍነዋል። ከላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ከፊታችሁ ግን የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። መፍትሄው የፍሮንቱን መስመር ብቻ አለማየት ነው። ከኋላው ያሉትንም ኢሶባሮች ቁጠሩ። እስኪራራቁ ጠብቁ።

ችግር፦ ፍሮንቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግራ ይገባል

ሦስት ማዕዘኖቹና ግማሽ ክቦቹ ያሉበት ጎን የሚሄድበት ጎን ነው። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ቀዝቃዛ፣ ቀይ ግማሽ ክብ ሞቃት። ሁለቱ በተቃራኒ ጎን እየተፈራረቁ ከሆነ የቆመ ፍሮንት ነው። ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ዝናቡም ሆነ በረዶው አንድ ቦታ ሊውል ይችላል። ሐምራዊ ሆኖ ሁለቱም በአንድ ጎን ካሉ ቀዝቃዛው ሞቃቱን ደርሶበታል ማለት ነው። ምልክት የሌለው የተቆራረጠ ቡናማ መስመር ፍሮንት አይደለም፣ ዝቅተኛ ግፊት የተዘረጋበት ሸለቆ ነው።

ችግር፦ ካርታው ከመስኮት ውጭ ካለው ጋር አይገናኝም

ካርታውን ከመውቀሳችሁ በፊት ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት እዩ። 12Z የሚለው የግሪንዊች ሰዓት ነው። ዋዮሚንግ በበረዶው ወራት ከዚያ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ 12Z በፈረንጅ ከጧቱ 5 ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11። እኛ ደግሞ 12 ስንል ማለዳ ወይም ምሽት ስለሚመጣብን ሁለት ጊዜ እንሳሳታለን። ካርታው እጃችሁ ሲገባም ሰዓቱ አልፏል። ስለ ነገ ማወቅ የፈለገ የትንበያውን ካርታ ይክፈት። ያም ተመሳሳይ ምልክት ነው ያለው።

ቴሌግራም ላይ ካርታ ለምትለጥፉ፦ እባካችሁ ጥጉን አትቁረጡ! ቀንና ሰዓቱ የሌለው ካርታ ለማንም አይጠቅምም። የትናንቱን ካርታ ይዞ የወጣ ሰው አይቻለሁ።

ችግር፦ ስልኬ 780 ይላል፣ ካርታው 1030

ሁለቱም ልክ ናቸው። ላራሚ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የስልኩ መለኪያ እዚያ ያለውን እውነተኛ ግፊት ነው የሚያሳየው። አዲስ አበባ ብትሆኑም ለዚያ ቅርብ የሆነ ቁጥር ነው የምታገኙት። ካርታው ላይ ግን ሁሉም ጣቢያ ባሕር ወለል ላይ ቢሆን ኖሮ ተብሎ ተሰልቷል። አለበለዚያ ኢሶባሮቹ የተራራ ካርታ ይሆኑ ነበር። በዚያ ስሌት የተነሳ ከፍታ ቦታ ላይ መስመሮቹ አንዳንዴ ይዛባሉ። በተለይ በጣም በሚቀዘቅዝ ጧት። እንዲያ ሲሆን የጣቢያዎቹን ዘንግና ጭረት እመኑ።

ችግር፦ በዚሁ ዘዴ የኢትዮጵያን ካርታ ማንበብ አልቻልኩም

አትችሉም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ምድር ንፋሱን የምታጥፍበት ኃይል ደካማ ነው፣ የግፊት ልዩነቱም ትንሽ ነው። L በግራ የሚለው ደንብ እዚያ አያስተማምንም። ባለሦስት ማዕዘን ፍሮንትም አገር ቤት ላይ አትጠብቁ። የንፋሱን ፍሰት በቀስት የሚያሳየውን ካርታ ክፈቱ፣ ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ንፋሶች የት እንደሚገናኙ ፈልጉ። የክረምቱ ዝናብ ከዚያ መገናኛ ጋር ነው ወደ ሰሜን ወጥቶ የሚመለሰው።