ክራንኩ ዙሩን ሳይጨርስ ሲቆም፦ የባለአራት ዘንግ ማወዛወዣ ችግርና መፍትሄ

በሞተር የሚወዛወዝ የእህል ወንፊት እንውሰድ። ጊርቦክሱ ላይ የታሰረው ክራንክ 50 ሚሊሜትር፣ ማገናኛው ዘንግ 190፣ ወንፊቱን የሚገፋው ሮከር 80 ነው። ፍሬሙ ላይ ያሉት ሁለት ቋሚ ፒኖች በ200 ይራራቃሉ፤ ይህ ርቀት እንደ አራተኛው ዘንግ ይቆጠራል። ልኩ ሁሉ ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል ነው፤ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለለካ ሰው የሚከተለው ሂሳብ አይሠራለትም።

ምልክት፦ ክራንኩ ዙሩን ሳይጨርስ ቀጥ ይላል፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል

አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ሞተሩ ነው። ከመቀየሩ በፊት መብራቱን አጥፍቶ፣ ቀበቶውን አውልቆ ክራንኩን በእጅ በቀስታ ማዞር ይሻላል። የሚያዘው ቦታ ላይ ሲደርስ የትኞቹ ሁለት ዘንጎች በአንድ መስመር እንደቆሙ ይታይ፤ ምርመራው ያ ብቻ ነው።

*ማገናኛውና ሮከሩ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ* ጥፋቱ የርዝመት ነው። የጀርመኑ መሐንዲስ የግራስሆፍ ደንብ፣ አንዱ ዘንግ ሙሉ ዙር እንዲዞር የአጭሩና የረጅሙ ድምር ከቀሪዎቹ ሁለት ድምር መብለጥ የለበትም ይላል፦

```
s + l ≤ p + q
50 + 200 = 250
190 + 80 = 270
```

ይሄኛው ይዞራል። ማገናኛው ሲጠገን ወደ 165 አጥሮ ቢሆንስ? 165 እና 80 ሲደመሩ 245 ናቸው፤ ክራንኩ ከሮከሩ ቋሚ ፒን ርቆ ሲዘረጋ ግን 250 መሸፈን ያስፈልጋል። 5 ሚሊሜትር ጎደለ። ክራንኩ ከተዘረጋው መስመር ወደ 29 ዲግሪ ሲቀረው ይቆማል፤ የሞተር ጉልበት ቢጨመር ፒኑ ይቆረጣል እንጂ አያልፍም።

መፍትሄው መቆለፊያ ነቱን አላልቶ ማገናኛውን 190 ላይ መመለስ፣ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። በደንቡ ከ170 እስከ 230 ድረስ ይዞራል፤ እኛ ግን ከ184 እስከ 202 ባለው ውስጥ እንዲቆይ እንመክራለን። ከዚያ ከወጣ በማገናኛውና በሮከሩ መካከል ያለው አንግል ከ40 ዲግሪ በታች ይጠብባል ወይም ከ140 በላይ ይለጠጣል፤ ግፊቱም ሮከሩን በማወዛወዝ ፈንታ ቡሹን ይበላል።

*የ50ው ክንድና ማገናኛው ተሰልፈው ከቆሙ* ርዝመቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ክንዶቹ ተቀያይረው ታስረዋል። ሞተሩ የ80ውን ክንድ እየነዳ ነው ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ 77 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወዛወዘው። ሞተሩ የ50ው ላይ ይታሰር። ደንቡ ስለ አጭሩ ዘንግ እንጂ ሞተሩ የት እንዳለ አያውቅም።

ምልክት፦ ይዞራል፣ ግን ሮከሩ አንዳንዴ ወደ ተቃራኒው ወገን ይገለበጣል

ማገናኛው 170 አካባቢ ነው፤ ሁለቱ ድምሮች እኩል ሆነዋል። አራቱም ፒኖች በአንድ መስመር በሚያልፉባት ቅጽበት ሮከሩ በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ይችላል፤ ያረጀ ቡሽ ባለው ክፍተት ደግሞ የትኛውን እንደሚመርጥ አይታወቅም። ቡሹን መቀየር ብቻውን አያድነውም፤ ዘንጉ ይርዘም።