የአንድ ቀን ስህተት

ሰበታ አካባቢ የአንድ ውኃ ፕሮጀክት ኦዲት ስሠራ አንድ ሰነድ አላስተኛ አለኝ። የስጦታ ስምምነቱ ተቀባይነት ያለው እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ድረስ የተፈጸመ ወጪ ብቻ ነው ይላል። የቧንቧው ደረሰኝ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ይላል፤ በመዝገቡ ግን ዲሴምበር 31 ተብሎ ገብቷል። ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠየቅኳት።

«እንደ ሁልጊዜው ነው የቀየርኩት» አለችኝ።

ችግሩ እዚያው ነበር። 2015 ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ ስለዚህ 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ታኅሣሥ 22 ጃንዋሪ 1 ሆነች ማለት ነው። በአንድ ቀን አለፈች!

ወጪውን ወዲያው ውድቅ ላደርገው ነበር። ግን ስምምነቱ «የተፈጸመ» እንጂ «የተከፈለ» አይልም። መጋዘን ወርጄ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19ን አየሁ፤ ቧንቧው ታኅሣሥ 18 ገቢ ሆኗል፣ ዲሴምበር 28 ማለት ነው። የመኪናው መውጫ ወረቀትም ያንኑ ቀን ይላል። የቧንቧው ወጪ ተቀባይነት አገኘ።

የቦይ ቁፋሮው የቀን ሠራተኞች ክፍያ ግን አልዳነም። የስም መቆጣጠሪያው ከታኅሣሥ 22 እስከ 24 ነው፤ ሥራው ራሱ ከጊዜው ውጪ ነው። እሱን ተቀባይነት የሌለው ወጪ ብዬ ሪፖርት ላይ አወጣሁት። አሁን ከጳጉሜ ስድስት በኋላ ያሉትን ወራት ቀኖች በሙሉ እንደገና እያሰላሁ ነው።