ገንዘብዎን ዋሌት ላይ ሲያስቀምጡ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ደመወዙንም ሽያጩንም በስልኩ ይቀበላል። ለመቀበልና ለመክፈል ዋሌት በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚያው ሲከማች ነው።

ዋሌትንና የባንክ ሂሳብን አንድ አድርጎ ማየት

ይህ ስህተት በተለይ ሲቢኢ ብር ላይ ይታያል። ባለቤቱ ንግድ ባንክ ስለሆነ ሰው «ባንክ ውስጥ ነው ያለኝ» ይላል። ግን ሲቢኢ ብር ራሱን የቻለ ዋሌት ነው፤ የቁጠባ ደብተርዎ ደግሞ ሌላ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ገንዘቡን ራስዎ ካላዛወሩ አይሄድም።

ልዩነቱ ኪስ ላይ ይሰማል። ከ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ ቢያንስ 7 በመቶ ወለድ እንዲከፍሉ በብሔራዊ ባንክ ተደንግጓል። 30,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ቁጠባ ሂሳብ ላይ ቢቀመጥ ከግብር በፊት 2,100 ብር ያመጣል። በተራው የዋሌት ቀሪ ሂሳብ ላይ ግን ይህን ወለድ አይጠብቁ። ዋሌቱ ውስጥ ወለድ ያለው አገልግሎት ቢኖርም (ለምሳሌ የቴሌብር ሰንዱቅ) ለብቻው መመዝገብና ገንዘቡን ወደዚያ ማስገባት ያስፈልጋል።

ጣሪያውን ሳያውቁ መነገድ

ዋሌት የተለያየ ደረጃ አለው። የብሔራዊ ባንክ የ2012 ዓ.ም. መመሪያ ሲወጣ በዝቅተኛው ደረጃ መያዝ የሚቻለው 5,000 ብር፣ በከፍተኛው 30,000 ብር ነበር። የቀንና የወር የዝውውር ገደብም አብሮ ነበር። መጠኑ በየጊዜው ስለሚሻሻል የራስዎን ጣሪያ ከአገልግሎት ሰጪው ይጠይቁ።

ገበያ ላይ ምን እንደሚሆን እንይ። መርካቶ ጫማ የሚሸጥ ሰው ጣሪያው 30,000 ነው እንበል። የሳምንቱ ሽያጭ ተጠራቅሞ 29,000 ደርሷል። ደንበኛ 1,800 ብር ልኮ ሊከፍል ሲል ድምሩ 30,800 ስለሚሆን ዝውውሩ አያልፍም። ደንበኛው «ኔትወርክ ነው» ብሎ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሻጩም እንደዚያው ያስባል። መፍትሔው ማታ ማታ ለነገ የሚያስፈልገውን ትቶ ቀሪውን ወደ ባንክ ማዛወር ነው። መታወቂያ አቅርቦ ደረጃ ማሳደግም ይረዳል።

ክፍያውን በየጠብታው መክፈል

ከወኪል ጥሬ ብር ሲያወጡም ሆነ ሲያስተላልፉ ክፍያው በገንዘቡ መጠን ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ያንኑ ብር በየቀኑ ቆራርጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ በአንዴ ከማውጣት ይበልጥ ያስከፍላል። የሚደርስዎት መልእክት የአገልግሎት ክፍያውንና 15 በመቶ ቫቱን ለየብቻ ያሳያል። የአንድ ሳምንቱን ይደምሩት።

በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ሲም ገንዘብ ማከማቸት

እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። የባንክ ሂሳብ በእርስዎ ስምና ፊርማ የተያዘ ነው። ስልክ ቢጠፋ እንኳ መታወቂያ ይዘው ቅርንጫፍ ይሄዳሉ። የዋሌት ቁልፍ ግን ስልክ ቁጥሩ ነው።

ሲሙን ወንድምዎ አውጥቶልዎት ከሆነ፣ ስልኩ ሲጠፋ ምትክ ሲም መውሰድ የሚችለው እሱ ነው። አረብ አገር ከሄደ ወይም ከተቀያየማችሁ ገንዘቡ የእኔ ነው የእኔ ነው የሚል ክርክር ይመጣል፤ ማስረጃው ደግሞ በእሱ ስም ነው። ሲሙን በስምዎ ያዛውሩ። ውጭ አገር ለረጅም ጊዜ የሚሄዱ ከሆነም ከመነሳትዎ በፊት ዋሌቱን ባዶ ያድርጉት። ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ሊዘጋና ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ፒን ለማንም አይስጡ፤ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልም ቢሆን። ነጋዴ ከሆኑ ደግሞ ደንበኛው የሚያሳይዎትን የክፍያ ስክሪንሾት አይመኑ፤ በቀላሉ ይቀነባበራል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከተራ ስልክ ቁጥር «ገንዘብ ደርሶዎታል» ከተባለ በ*127# ገብተው ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ፤ ካልጨመረ ዕቃውን አይስጡ።

«ኩባንያው ቢከስር ገንዘቤ አብሮ ይጠፋል» ማለት፣ ወይም ጨርሶ አለመጨነቅ

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ዋሌት የሚሰጡ ድርጅቶች ደንበኞች ያስገቡትን ያህል ብር ባንክ ውስጥ በተለየ ሂሳብ እንዲይዙ ያስገድዳል። ለራሳቸው ሥራ ሊያውሉት አይችሉም። ያ የባንክ ሂሳብ ግን በድርጅቱ ስም እንጂ በእርስዎ ስም የተከፈተ አይደለም።

በስምዎ ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ካስቀመጡ ግን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ። ተቋሙ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ያለው ሰው በሁለት ባንክ ከፋፍሎ ቢያስቀምጠው ሽፋኑ በእያንዳንዱ ባንክ ለየብቻ ይሰላል።