መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ ማይኩ ለምን ይቆራረጣል?

«ማይኩ ደግሞ ጀመረው» ተብሎ ስልክ ሲደወልልኝ ቀጥሎ የምሰማውን አውቀዋለሁ። «ባትሪ ቀይረናል፣ ምንም አልተሻለውም።»

አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ የሌክቸር አዳራሽ የተደወለልኝም እንደዚሁ ነበር። አዳራሹ መቶ ሃያ ሰው ገደማ ይይዛል። መምህሩ ትንሿን ማይክ ኮሌታቸው ላይ ይሰካሉ፣ ድምፁን በሬዲዮ ሞገድ የሚልከውን ትራንስሚተር ደግሞ ሱሪያቸው የፊት ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሲሞከር ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት ተማሪ ሲሞላ ግን መምህሩ ለመጻፍ ዞር ባሉ ቁጥር ድምፁ ቁርጥ ይላል። አዳራሹን የሚጠብቀው ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ካርቶን ባትሪ ድንጋይ ጨርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ባትሪ ከመግዛት በፊት ሞገዱን የሚቀበለውን የሪሲቨሩን ፊት ማየት ይቀድማል። አብዛኞቹ ላይ RF እና AF የሚሉ ሁለት መብራቶች ወይም መለኪያዎች አሉ። RF የሬዲዮ ሞገዱ ሪሲቨሩ ጋ መድረሱን ይነግራል። AF ደግሞ ማይኩ ድምፅ እያነሳ መሆኑን። ድምፁ በሚቆረጥባት ቅጽበት የትኛው እንደወደቀ ካየህ ሥራው ግማሹ አልቋል።

RF ሙሉ ሆኖ AF ብቻ ከወደቀ

ሬዲዮው ደህና ነው። ጥፋቱ ከማይኩ ወደ ትራንስሚተሩ በምትሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትበጠሰው ሶኬቱ አንገት ላይ ነው። ትራንስሚተሩን አብርተህ እዚያ ጋ ቀስ አድርገህ አወዛውዛት። ጠቅ ጠቅ ካለ አግኝተኸዋል፣ ማይኩን ቀይር። በነገራችን ላይ ሰው ሳያውቀው የድምፅ መዝጊያዋን ቁልፍ ነክቷትም እንደዚህ ይሆናል። ስቄ አልፌያለሁ፣ እኔም ላይ ደርሷል።

ትራንስሚተሩ ጠፍቶም RF ከበራ

ይህ የቻናል ችግር ነው። ሌላ ሰው ያንተ ቻናል ላይ አለ ማለት ነው። መሃል ከተማ ውስጥ ይህ አይገርምም። ግድግዳ ለግድግዳ የሆቴል ስብሰባ አዳራሽ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ማዶ የሠርግ አዳራሽ አለ። ሁሉም ገመድ አልባ ማይክ ይጠቀማል። የቴሌቪዥን ሥርጭትም ብዙዎቹ ማይኮች በሚሠሩበት የሞገድ ክልል ውስጥ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። የራስህን ትራንስሚተር አጥፋ። የጎረቤት ክፍሎች ማይኮች ግን በርተው ይቆዩ፣ ሪሲቨሩ እንዲያያቸው። ከዚያ ከሪሲቨሩ ሜኑ SCAN በል። ባዶ ቻናል ይመርጥልሃል። በመጨረሻ SYNC ብለህ ትራንስሚተሩን ከአዲሱ ቻናል ጋር አስተካክል። ይህን እሁድ ማታ አትሥራው፣ ከተማው ዝም ባለበት ሰዓት ሁሉም ቻናል ንጹህ ይመስላል። ክፍሉ በሚሰጥበት ሰዓት ሥራው።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ማይክ ካለ ሁለቱንም ከአንድ GROUP ውስጥ ምረጥ። እዚያ ያሉት ቻናሎች እርስ በርሳቸው እንዳይረባበሹ ተመርጠው የተቀመጡ ናቸው። አንድ ሪሲቨር ላይ ሁለት ትራንስሚተር በአንድ ቻናል ማብራት ግን አይሆንም። ትርፉ ጩኸት ነው።

ትራንስሚተሩ ሲጠፋ RF ከጠፋ፣ ሲበራ ሞልቶ ሰው ሲንቀሳቀስ ከወደቀ

የኛ ጉዳይ ይሄ ነበር። ልጁ ትራንስሚተሩን ይዞ መድረኩ ላይ እንዲንቀሳቀስ አደረግኩ፣ እኔ ሪሲቨሩ ጋ ቆምኩ። ፊቱን ወደ ተማሪው መቀመጫ ሲያዞር ከRF መለኪያው አምስት መስመር አራቱ ይበራሉ። ወደ ሰሌዳው ሲዞር ሁለት ይቀራሉ። ይህ እንግዲህ በባዶ አዳራሽ ነው።

ሪሲቨሩ የት ነበር? ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ፣ በብረት ካቢኔ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ። በሩ ደግሞ ይቆለፋል፣ እንዳይሰረቅ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ የፊት ኪሳቸው ውስጥ ባለው ትራንስሚተርና በሪሲቨሩ መሃል የራሳቸው ሰውነት ይቆማል። የሰው ሰውነት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ከሰዓት ደግሞ የመቶ ሰው ጭንቅላትና ትከሻ ይጨመርበታል። ጠዋት የሠራው ከሰዓት ያልሠራው ለዚህ ነው። ባትሪው ምን ያድርግ?

አንቴናውም ነበር። በ600 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 50 ሳንቲሜትር ነው፣ የትራንስሚተሩ አንቴና ደግሞ የዚያ ሩብ ይሆናል፤ 12 ሳንቲሜትር ገደማ። ያቺ ለስላሳ ሽቦ ተዘርግታ መንጠልጠል አለባት። መምህሩ ኪስ ውስጥ ግን ከሞባይላቸውና ከቁልፋቸው ጋር ተጠቅልላ ነበር።

ሪሲቨሩን ከካቢኔው አወጣነው። ከመድረኩ አምስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ በጎን ግድግዳው ላይ፣ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ትንሽ መደርደሪያ ሰቀልንለት። ሁለቱን አንቴናዎች እንደ V ከፈትናቸው። አንዱ ደካማ ሞገድ ሲያገኝ ሪሲቨሩ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ሁለት የሆኑትም ለዚሁ ነው። ከብረትም ከግድግዳም ትንሽ ራቅ እንዲሉ አደረግን።

«ሪሲቨሩ እዚያው ይቆይ፣ አንቴናውን በኬብል እናምጣው» ያለኝ ሰው ነበር። አይመከርም። የአንቴና ኬብል በረዘመ ቁጥር ሞገዱን ይበላል። ከሪሲቨሩ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ባለ ሦስት ፒን የድምፅ ኬብል ግን ሃያ ሜትር ቢሆንም ችግር የለውም። ስለዚህ ያስረዘምነው እሱን ነው።

መምህሩን ደግሞ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ትራንስሚተሩ ከኪስ ይውጣልን» አልናቸው። አሁን በቀበቷቸው ላይ፣ ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ ሪሲቨሩ ባለበት በኩል በሚሆነው ጎናቸው ይሰኩታል። ሲጽፉ ሪሲቨሩ ያየዋል።

ቦታ ሳይለይ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከጀመረ

ይሄኛው ነው የባትሪ። የልጁን ካርቶን ሳየው ሁሉም ላይ R6 ይላል። ይህ ርካሹ የካርቦን ዚንክ ድንጋይ ነው። ለግድግዳ ሰዓት ይበቃል፣ ያለማቋረጥ ለሚሠራ ትራንስሚተር ግን ቶሎ ይደክማል። LR6 የሚለውን ግዛ፣ አልካላይን እሱ ነው። ከቆርቆሮው ቀለምና «ጠንካራ» ከሚል ጽሑፍ ይልቅ ይህችን ፊደል እመናት።

HR6 የሚለው ቻርጅ የሚደረገው ነው። እሱም ጥሩ ነው፣ ሆኖም በ1.5 ቮልት ፈንታ 1.2 ቮልት ስለሆነ የባትሪ መለኪያው ገና ሳይጀመር ግማሽ ሊያሳይ ይችላል። ሜኑው ውስጥ የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ካለ አስተካክለው። ሲያልቅም ሳያስጠነቅቅ ድንገት ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ ለየክፍሉ አዲስ የተሞላ ይሁን። አሮጌና አዲስ አንድ ላይ አታስገባ።

ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ተማሪ ሞልቶ፣ እንደገና ሞከርን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ RF ከሦስት መስመር አልወረደም። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ በሩ ጋ ካለው የኮንክሪት ምሰሶ ጀርባ። እዚያ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፈን ወጣን።